«ብሮውዘርዎ አርጅቷል» ያለኝ ገጽ

የዕቃ ርክክብ ቅጽ ናሙና ነበር የምፈልገው። የሥራ ባልደረባዬ ቸኩላ ስለጠየቀችኝ፣ ከዚህ በፊት ደጋግሜ የተጠቀምኩበትን ድረ ገጽ ጉግል ላይ ፈልጌ ከፈትኩት። አንድ በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ባለሙያ የቢሮ ቅጾችን በነጻ የሚያስቀምጡበት፣ ማስታወቂያ እንኳ የሌለው ጨዋ ገጽ ነው። ገጹ ለአፍታ እንደ ወትሮው ታየኝና ወዲያው ነጭ ሆነ። መሀሉ ላይ የክሮም አርማ ወጣ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የሚጠቀሙት የቆየ የክሮም ስሪት ነው፤ ብሮውዘርዎ ያለ ችግር እንዲሠራ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ አለ። ጽሑፉ የፊደል ስሕተት የለበትም፣ ቀለሙም አርማውም ልክ ነው፣ ማስፈራሪያም ሆነ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት የለውም።

ቁልፉን ተጫንኩት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሰዓታት የሆነውንና ቆይቼ የተረዳሁትን የምጽፈው፣ እናንተ እኔ የከፈልኩትን ሳትከፍሉ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ፋይሉ ወዲያው ወረደ። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ እንኳ አልቆየም። ይህ አንዱ ምልክት ነበር፤ የብሮውዘር መጫኛ የሚለካው በሜጋባይት ነው፣ የእኔው ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ልብ አላልኩትም፤ እንዲያውም ኢንተርኔቱ ዛሬ ፈጥኗል ብዬ ደስ አለኝ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ገብቼ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግኩት። የማውሱ ቀስት አጠገብ ክቡ ትንሽ ዞረና ቆመ። ምንም መስኮት አልተከፈተም፣ «ተጠናቀቀ» የሚል ነገርም አልመጣም። አፕዴቱ ከጀርባ አልቆ ይሆናል ብዬ ወደ ቅጹ ተመለስኩ። ገጹ እንደገና ሲከፈት ያ ነጭ ነገር የለም። ስለዚህ አፕዴቱ በእርግጥ ተሳክቷል ብዬ አመንኩ።

ሁለት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ እጄ ከማውሱ ላይ ተነስቶ ስልክ እያወራሁ ሳለ ቀስቱ ለብቻው ተንቀሳቀሰ። የማውስ ብልሽት ሲሆን ቀስቱ ይንቀጠቀጣል ወይም ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ይሄኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዶ የፋይሎቹን መስኮት ከፈተ፣ ትንሽ ቆመ፣ ሰነዶቼ ያሉበትን ፎልደር ጠቅ አደረገ። የሚያነብ ሰው እንደሚያደርገው ነው የሚቆመው። ያንን ሳይ የተሰማኝን ቅዝቃዜ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

የእህቴ ልጅ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ ላይ ነው። ደወልኩለት። «አክስቴ፣ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊው፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን» አለኝ። አጠፋሁት። ቀስቱ ባለበት ቀረ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምን እንዳደረግኩ ጠየቀኝ፤ የክሮሙን አፕዴት ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤

«አፕዴቱ ሲያልቅ ክሮም ተዘግቶ ተከፈተ?»

አልተከፈተም። የከፈትኳቸው ታቦች ሁሉ እንደነበሩ ናቸው። «እንግዲያው አፕዴት አልነበረም» አለኝ። ክሮም አዲሱን ስሪት ከጀርባ ሆኖ ራሱ ያወርደዋል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ብሮውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ሳይዘጋ ያለቀ አፕዴት የለም።

ማታ ሲመጣ ፋይሉን አብረን አየነው። ዳውንሎድ ፎልደሬ ውስጥ Update ተብሎ ብቻ ተቀምጧል። ምስሉ የክሮም አርማ ሳይሆን የተጠቀለለ ብራና የሚመስል ነገር ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ቅጥያ አስቀድሞ ስለሚደብቅ እኔ ያየሁት ስሙን ብቻ ነበር። እሱ ከላይ ካለው View ውስጥ Show የሚለውን ከፍቶ File name extensions ላይ ምልክት ሲያደርግ ስሙ Update.js ሆነ። ይህ መጫኛ አይደለም። ጃቫስክሪፕት የተጻፈበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ብሮውዘር ውስጥ ሲሠራ ጃቫስክሪፕት በገጹ አጥር የታጠረ ነው፤ እንዲህ ከዴስክቶፕ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲደረግ ግን ዊንዶውስ wscript.exe ለሚባል የራሱ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ያ ደግሞ አጥር የለውም። እኔ ማድረግ የምችለውን ሁሉ፣ ፋይል ማንበብን፣ ከኢንተርኔት ማውረድን፣ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳትን፣ እሱም በእኔ ስም ያደርገዋል።

ይህ ዓይነቱ ማጥቂያ በደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ ሶክጎሊሽ ወይም ፌክአፕዴትስ በሚል ስም ይታወቃል፤ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ያቺ ትንሽ ፋይል ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ወሬ ማቀበል ነው፤ የኮምፒውተሩን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ አባል መሆን አለመሆኑን ወደ ባለቤቶቿ ትልካለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚላክላችሁ እነሱ ይወስናሉ። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ መግቢያው ትልቅ ዋጋ አለው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ለሚጠይቁ ቡድኖች በር ሆኖ ያገለግላል። የግል ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከርቀት ኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። AppData በሚባለው ፎልደር ውስጥ ትርጉም የለሽ ፊደላት ስም የተሰጠው ፎልደር ተገኘ፤ በውስጡ client32.exe የሚባል ፋይል አለ። ፕሮግራሙ ራሱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደንበኛ ለመርዳት የሚገለገሉበት ሕጋዊ መሣሪያ ነው፤ ወንጀለኞቹ ግን ያለፈቃድ ጭነው ይጠቀሙበታል። አንቲቫይረሴ ለምን ዝም እንዳለ የገባኝም ያኔ ነው። ቢላዋ ወጥ ቤት ውስጥ ቢገኝ ማን ይደነግጣል?

ፎልደሩን አጥፍቶ መገላገል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያየነውን ማጥፋት እንችላለን፤ ያላየነውን ግን አናውቅም» አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ሰነዶቼንና ፎቶዎቼን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥን፤ ፕሮግራምና የመጫኛ ፋይል አንድም አልወሰድንም። ዊንዶውስን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዘጋጀው ፍላሽ ከነዲስኩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ይህ ግማሽ ቀን ወሰደ። ከዚህ የከበደኝ የፓስወርዱ ጉዳይ ነው። ብሮውዘሬ ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ ሁሉ እንደተሰረቀ ቆጥሬ ነው የቀየርኩት። በስልኬ ነበር የምቀይረው፣ ምክንያቱም በተበከለው ላፕቶፕ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ አዲሱንም መስጠት ነው። ከኢሜይል ጀመርኩ፤ የሌላው ሁሉ «ፓስወርድ ረሳሁ» መልእክት የሚመጣው እዚያ ነውና። ቀጥሎ ባንክ፣ ከዚያ ሌላው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ላይበቃ ይችላል። አንድ ጊዜ ከገባችሁ በኋላ ብሮውዘሩ በየጊዜው ፓስወርድ የማይጠይቃችሁ ኩኪ የምትባል ማለፊያ ስለሚይዝላችሁ ነው። ያቺ ማለፊያ ከተሰረቀች ሌባው ያለ ፓስወርድም፣ በስልክ የሚመጣውን ኮድ ሳይጠየቅም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አካውንት የደኅንነት ክፍል ውስጥ ገብቼ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ የሚለውን ተጫንኩ። ኢሜይሌ ውስጥ ደግሞ መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተጨምሮ እንደሆነ አየሁ። አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ምክር «የማይታመን ገጽ አትክፈቱ» የሚል ነበር። ይህ ምክር እኔን አላዳነኝም፤ ምክንያቱም ገጹ የሚታመን ነበር። ባለቤቱም ቅን ሰው ናቸው። በገጻቸው ላይ ያለውን ስልክ አይቼ በማግስቱ ደወልኩላቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። እያዳመጡኝ ከፈቱት። «ልጄ፣ እኔ ጋ ምንም የለም፤ እንደ ድሮው ነው። ሌላ ገጽ ከፍተሽ እንዳይሆን» አሉኝ። የእህቴ ልጅ በራሱ ኮምፒውተር ከእኔ ቤት ኢንተርኔት ከፈተው፣ አልታየውም። እኔም በስልኬ ሞከርኩ፣ የለም።

ለአንድ አፍታ ራሴን ተጠራጠርኩ። ነገሩ ግን የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ተብሎ ነው። ወንጀለኞቹ የሰውየውን ገጽ ሰብረው ገብተው አንዲት መስመር ኮድ ሸጉጠዋል። ያቺ ኮድ የሚመጣውን ሰው ታጣራለች። በዊንዶውስ ነው የመጣው? ከጉግል ፍለጋ ነው የመጣው ወይስ አድራሻውን ራሱ ጽፎ? የገጹ አስተዳዳሪ ሆኖ ገብቷል? ከዚህ ቤት ኢንተርኔት ከዚህ በፊት የመጣ አለ? ለአስተዳዳሪው አትታይም፣ ለስልክ አትታይም፣ አንድ ጊዜ ላሳየችው ቤት ደግማ አትታይም። ስለዚህ የገጹ ባለቤት ለሳምንታት ሳያውቁ ሊቆዩ ይችላሉ፤ የተጠቃው ሰው ደግሞ ተመልሶ ሲያይ ስለማያገኘው እኔ እንዳሰብኩት «አፕዴቱ ሠራ» ብሎ ይረጋጋል። እባካችሁ ይህን ያዙ። ዳግመኛ ስትከፍቱት አለመታየቱ የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ይህን ሳስረዳቸው ሰውየው ገጻቸውን የሚያስቀምጥላቸውን ድርጅት አነጋገሩ፤ ኮዷ ተገኘች። የማያውቁት አንድ የአስተዳዳሪ አካውንትም አብሮ ተገኘ። አካውንቱን አጠፉ፣ ፓስወርዳቸውን ቀየሩ፣ ለረጅም ጊዜ አፕዴት ያልተደረጉ የገጹን ተጨማሪ ፕሮግራሞች አደሱ። ደውለው ይቅርታ ሲጠይቁኝ እንደ እኔው ተጠቂ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

ታዲያ ገጹን ማመን የማያድን ከሆነ የሚያድነው ምንድን ነው? መልእክቱ የመጣው ከየት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የብሮውዘር መስኮት ሁለት ክፍል አለው። ከላይ ታቦቹ፣ የአድራሻው መስመርና ሦስቱ ነጥቦች ያሉበት የብሮውዘሩ የራሱ ቤት ነው። ከዚያ በታች ያለው ሰፊው ቦታ ደግሞ ለተከፈተው ገጽ የተከራየ ነው። ገጹ በተከራየው ቦታ ውስጥ የፈለገውን መሳል ይችላል፤ የክሮምን አርማ፣ የዊንዶውስን መስኮት፣ ትንሽ ጥቁር ኤክስ ያለበት ሳጥን፣ ሁሉንም። ወደ ላይ ወደ ብሮውዘሩ ቤት ገብቶ ግን፣ ከራሱ ታብ ስምና ምልክት በቀር፣ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣባችሁ ሌላ ታብ ክፈቱ። ማሳሰቢያው አብሯችሁ ካልመጣ የገጹ ሥዕል ነው። መስኮት መስሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ይዛችሁ ከገጹ ጠርዝ ውጭ ለመጎተት ሞክሩ፤ ወይ አይንቀሳቀስም፣ ወይ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። መላ ስክሪኑን ከሸፈነ Esc ወይም F11 ስትጫኑ ታቦቹ ተመልሰው ይታያሉ። ታቡ አልዘጋም ካለ ክሮም ውስጥ Shift እና Esc አንድ ላይ ስትጫኑ የታቦቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ከዚያ ያንን ብቻ መርጦ ማስቆም ይቻላል።

እኔን ያታለለኝ ሌላው ነገር ገጹ ክሮም እንደምጠቀም ማወቁ ነው። «ካላወቀኝ እንዴት ስሙን ጠራው?» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ብሮውዘር ግን ለእያንዳንዱ ገጽ ገና በሩን ሲያንኳኳ ስሙንና የስሪት ቁጥሩን ይናገራል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ሐሰተኛው ገጽ ያንን ሰምቶ ለክሮም ተጠቃሚ የክሮምን፣ ለፋየርፎክስ ተጠቃሚ የፋየርፎክስን፣ ለኤጅ ተጠቃሚ የኤጅን ማሳሰቢያ ይስላል። የስሪት ቁጥራችሁን በትክክል ቢጽፍላችሁም ከእናንተው የሰማውን መልሶ መንገሩ ነው።

እውነተኛው የክሮም ማሳሰቢያ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። አዲስ ስሪት ከጀርባ ከወረደ በኋላ ብሮውዘሩን ሳትዘጉ ከቆያችሁ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ሦስቱ ነጥቦች ባሉበት ጥግ፣ ምልክት ይወጣል። አፕዴቱ ከወጣ ሁለት ቀን ያልሞላው ሲሆን አረንጓዴ፣ አራት ቀን ገደማ ሲሆን ብርቱካናማ፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀይ ይሆናል። ስትነኩት የሚጠይቃችሁ ፋይል እንድታወርዱ አይደለም፤ ዘግቶ እንዲከፍት እንድትፈቅዱለት ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እውነተኛው «ዘግተህ ክፈተኝ» ይላል፤ ሐሰተኛው «ይህን አውርደህ ክፈት» ይላል።

ጥርጣሬ ካለባችሁ ገጹን ሳትነኩ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ክሮም ውስጥ በአድራሻው መስመር ላይ ይህን ትጽፋላችሁ፤

```
chrome://settings/help
```

ገጹ ሲከፈት ብሮውዘሩ ራሱ አዲስ ስሪት መኖሩን ይፈትሻል፣ ካለም እዚያው ያወርደዋል። ኤጅ የምትጠቀሙ በ chrome ፈንታ edge ብላችሁ ጻፉ። ፋየርፎክስ ላይ ከማውጫው Help ውስጥ About Firefox የሚለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በስልክ ከሆነ አፕዴቱ የሚመጣው ከአፕ መደብሩ ነው፣ ከድረ ገጽ አይደለም። እውነት ነው፣ አንዳንድ ሐቀኛ ገጾች በጣም ባረጀ ብሮውዘር ስትገቡ «ብሮውዘርዎን ያድሱ» ይላሉ። ያኔም መንገዱ ያው ነው፤ ማሳሰቢያውን ሰምታችሁ በራሳችሁ በር ግቡ። ስለ ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት የሚያወራ ገጽ ካጋጠማችሁ ግን ማጣራትም አያስፈልጋችሁም፤ ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ላይ ተቋርጧል፣ አፕዴት የለውም።

የእህቴ ልጅ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አስተካከለልኝ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ የማውቃቸውን ሰዎች ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ዊንዶውስ የ .js ፋይልን ለ wscript.exe እንዳይሰጥ፣ ይልቅ በኖትፓድ እንዲከፍተው ማድረግ ነው። Settings ውስጥ Apps፣ ከዚያ Default apps ትገባላችሁ፤ የፋይል ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ .js ብላችሁ ጽፋችሁ Notepad ትመርጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ተሳስታችሁ እንደ እኔ ሁለት ጊዜ ጠቅ ብታደርጉት የሚከፈተው የተዘበራረቀ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ምንም አይነሳም። ለ .jse፣ ለ .vbs እና ለ .wsf እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ድረ ገጾች ውስጥ የሚሠራውን ጃቫስክሪፕት አይነካውም፣ ስለዚህ የሚበላሽባችሁ ገጽ የለም። ግን ሁሉንም አይዘጋም። ሐሰተኛው አፕዴት .exe ወይም .msi ሆኖ ከመጣ ይህ ማስተካከያ አያግደውም።

አጥቂዎቹም ባሉበት አልቆሙም። ከ2024 ጀምሮ በስፋት የታየው አዲሱ ዘዴ ፋይል አውርዳችሁ እንድትከፍቱ ጭራሽ አይጠይቅም። ያቺው ቅጽ የጠየቀችኝ ባልደረባዬ ከወራት በኋላ ጠራችኝ። አንድ ገጽ ላይ «አፕዴቱ አልተሳካም፤ በእጅ ያስተካክሉ» የሚል ሳጥን ወጥቶባታል። አሠራሩን በሦስት ደረጃ ጽፎላታል። የዊንዶውሱን ቁልፍና R አንድ ላይ ይጫኑ፣ ቀጥሎ Ctrl እና V፣ ከዚያ Enter። ደረጃዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ የሚወርድ ፋይል የለም፣ ስለዚህ እኔ የነገርኳት ምልክቶች አንዱም አልታያትም። ሁለተኛው ላይ ደርሳ ነው ያቆመችው፤ ምክንያቱም Ctrl እና V ስትጫን እሷ ያልገለበጠችው ጽሑፍ የመጀመሪያው ደረጃ በከፈተው የዊንዶውስ የትእዛዝ ሳጥን ውስጥ ገባ። «እኔ ምንም ኮፒ አላደረግኩም፤ ይህ ከየት መጣ?» አለችኝ።

ገጹ ነው የገለበጠላት፤ እዚያ ላይ ያለውን ቁልፍ በነካችበት ቅጽበት። ያ ትንሽ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ የሚታየው የጽሑፉ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ «ሮቦት አይደለሁም» ወይም «የማረጋገጫ ቁጥር» የሚመስል ጨዋ ነገር ይጻፍበታል። Enter እንዳትነካ፣ ሳጥኑን እንድትዘጋና ያንኑ ጽሑፍ ኖትፓድ ላይ እንድትለጥፈው ነገርኳት፤ ኖትፓድ ትእዛዝ አይፈጽምም፣ ያሳያል ብቻ። ለጠፈችው። መስመሩ ከገጹ ስፋት በላይ ረጅም ነው። መጀመሪያው ላይ ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«ፓወርሼል ይላል» አለች። ፓወርሼል የተጻፈለትን ትእዛዝ የሚፈጽም የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። «ከዚያ የማላውቀው ድረ ገጽ አድራሻ አለ» ብላ ቀጠለች።

ታቡን ዘጋችው። እኔ ስልኩ ላይ እያለሁ በአድራሻው መስመር chrome://settings/help ብላ ጻፈች። ክሮሟ አዲስ ነበር።